ብዙ የሚያፈሰው ደረጃ ይወጣል፣ ትንሽ የሚያፈሰው ሳንባው ይሞላል፦ ስለ ማይትራል ቫልቭ የተጻፈ ክር

የውይይት ክሩን የከፈተው የውስጥ ደዌ ሬዚደንት ነው፤ መጀመሪያ የሰጠው ርእስም ድንገተኛ የቫልቭ ፍሳሽ ብቻ ሳንባ ይሞላል የሚል ነበር። ጉዳዩ ለማስተማሪያ የተቀናበረ እንጂ የአንድ ሰው ታሪክ እንዳልሆነ ከላይ አስፍሯል። የ62 ዓመት ሰው የልቡን ታችኛ ግድግዳ የመታ ሃርት አታክ ይዞት ተኝቷል። ሁለት ቀን ደህና ሰነበተ። በሦስተኛው ሌሊት በድንገት ትንፋሽ አጠረው፤ ትራስ ቢደራረብለትም አላረፈም፤ ሰዓት ሳይሞላ ሮዝ አረፋ ያስለው ጀመር። የደም ግፊቱ 85 በ60፣ የልብ ምቱ 120 ነው። በራጁ ላይ ሁለቱም ሳንባዎች ነጭ ሆነዋል፤ ልቡ ግን ከመጠኑ አላለፈም። ጆሮ ላይ የሚሰማው አጭርና ደካማ ማጉረምረም ብቻ ነው። በጥድፊያ የተነሣው የልብ አልትራሳውንድ፣ ኤኮ፣ ልቡ ከያዘው ደም በአንድ ምት የሚያስወጣውን ድርሻ ማለትም ኢኤፉን 73 በመቶ አስቀምጦ፣ በግራ ልብ ላይኛና ታችኛ ክፍሎች መካከል ያለውን የማይትራል ቫልቭ ፍሳሽ ከመለስተኛ እስከ መካከለኛ ብሎታል።

ከዚህ ጎን ሌላ ታማሚ አስቀመጠ። ይኸኛው ለዓመታት በክትትል ያለ፣ ኤኮው ከባድ ፍሳሽ ነው የሚለው፣ ግን በእግሩ ሁለት ፎቅ ወጥቶ ክሊኒክ የሚገባ ነው። ጥያቄው እንግዲህ ትንሽ የሚያፈሰው እየሰመጠ ብዙ የሚያፈሰው ለምን ደረቅ ሆነ የሚል ነው። ኤኮው ዋሽቶ ይሆን ወይስ የመጀመሪያውን ሰው ሳንባ የመታው ሌላ ነገር ነው?

1ኛ ምላሽ። ጠቅላላ ሐኪም ነው፤ ሬዚደንቱን አንቱ እያለ፣ በሰላምታ አጅቦ ነው የጻፈው። ሃርት አታኩ ጡንቻውን ገድሎታል፤ የደከመ ልብ ወደፊት መግፋት ሲያቅተው ደሙ ወደ ኋላ ተኝቶ ሳንባን ይሞላል፤ የቫልቩ ፍሳሽ አጃቢ ነው ብሎ ደመደመ። የሚያሸናውን ፉሮሰማይድ 80 ሚሊ ግራም በደም ስር ሰጥቶ መጠበቅ እንደሚበቃም አከለ። ደሙ ወደ ኋላ ይጫናል ያለው ትክክል ነው። የጫነውን ግን ስቶታል፤ ለቀጣዮቹ አሥር ምላሾች መነሻ የሆነውም ይኸው ስሕተት ነው።

2ኛ ምላሽ። የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ናት፤ የጻፈችው ሦስት መስመር ብቻ ነው። ጡንቻው ሞቶ ቢሆን ኢኤፉ 30 ወይም 25 ይሆን ነበር እንጂ 73 አይሆንም አለች። 73 የጤነኛ ልብ ቁጥር እንኳ አይደለም፤ ከጤነኛው ይበልጣል። ስለዚህ የሚጠየቀው ልቡ ለምን ደከመ ሳይሆን ይህን ያህል በቀላሉ ለምን ባዶ ሆነ ነው ብላ ለሚቀጥለው ሰው ተወችው። በመላው ክር ውስጥ ጥያቄውን በትክክለኛው ቦታ ላይ ያስቀመጠችው እሷ ትመስለኛለች።

3ኛ ምላሽ። ረጅሙና የልብ ሐኪሙ የጻፈው ነው። መጀመሪያ የነርሷን ጥያቄ አነሣ። ጤነኛ የግራ ታችኛ ክፍል ሲጨመቅ መውጫው አንድ በር ነው፤ ያም ደሙን ለመላ ሰውነት የሚያደርሰው አኦርታ ነው፤ አኦርታ ውስጥ ደግሞ ከፍ ያለ ግፊት ይጠብቀዋል። ማይትራል ቫልቩን የሚይዘው ጡንቻ ሲበጠስ ሁለተኛ በር ይከፈታል፤ ከበሩ ወዲያ ያለው ላይኛው ክፍል ግፊቱ ዝቅተኛ ነው። ደሙ የሚቀልለውን መንገድ ይመርጣል፤ ታችኛው ክፍልም እስከ ጥግ ድረስ ይጨመቃል። ኢኤፍ የወጣውን ደም መጠን እንጂ የሄደበትን አቅጣጫ አይነግርም። 73 የተባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ አንባቢዎቹን ወረቀት እንዲይዙ ጠይቆ ሦስት ልብ አሰላ። ቁጥሮቹ ለመረዳት እንዲያመቹ የተመረጡ እንጂ ከማንም ሰው የተለኩ እንዳልሆኑ አስጠንቅቋል። ጤነኛው ልብ ሲሞላ 120 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ተጨምቆ ሲያበቃ 50 ይቀረዋል፤ ስለዚህ 70 ወደ አኦርታ ይሄዳል። የጥያቄው ታማሚ ሲሞላ 130፣ ሲጨርስ 35 ይሆናል፤ 95 ወጣ ማለት ነው። ከ95ቱ 55 ወደ ላይኛው ክፍል ተመልሶ ለሰውነት የተረፈው 40 ብቻ ነው። ደረጃ የሚወጣው ታማሚ ደግሞ ሲሞላ 230 ይይዛል፣ ሲጨርስ 80 ይቀረዋል፤ 150 ይወጣል። ከዚህ 80 ወደ ኋላ ይፈስሳል፤ 70 ግን እንደ ጤነኛው ወደፊት ይሄዳል።

እዚህ ላይ ሐኪሙ ቆም ብሎ ሬዚደንቱ ያየው ነገር እውነት መሆኑን መሰከረለት። በዚህ ስሌት ሥር የሰደደው ታማሚ በእያንዳንዱ ምት የሚመልሰው 80፣ የሚሰምጠው ግን 55 ነው። ፍሳሹ ብቻውን ሳንባ የሚሞላ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ቦታ መቀያየር ነበረባቸው።

ልዩነቱን የሚያመጣው ደሙን የሚቀበለው ክፍል ነው ይላል። ላይኛውን ክፍል በስልቻ መሰለው። ትናንት የተገፈፈ ቆዳ ገና አልለፋም፤ ጥቂት ውኃ ሲጨምሩበት ይወጠራል። ዓመታት የለፋ ስልቻ ብዙ ጨምረውበትም ይላላል። ድንገት በተበጠሰ ቫልቭ የላይኛው ክፍል ትናንትና እንደነበረው ትንሽና ጠንካራ ነው፤ ልብን የሸፈነው ከረጢትም በአንድ ሌሊት አይሰፋም። በአንድ ሚሊሜትር ሜርኩሪ የግፊት ጭማሪ 1.5 ሚሊ ሊትር ብቻ ይቀበላል ቢባል፣ 55 ሚሊ ሊትሩ ግፊቱን ወደ 37 ያህል ከፍ ያደርገዋል። ከመነሻው 10 ጋር ሲደመር በየምቱ ወደ 47 ይዘላል። የለፋው ክፍል ለአንድ ሚሊሜትር 8 ሚሊ ሊትር የሚቀበል ከሆነ 80ው የሚጨምረው 10 ብቻ ነው። ደሙን ከሳንባ ወደ ላይኛው ክፍል በሚወስዱት ደም መላሾች ላይ ቫልቭ ስለሌለ ግፊቱ ሳይበረድ እስከ ቀጫጭኖቹ የሳንባ ደም ስሮች ይደርሳል።

ታችኛው ክፍልም ጊዜ ሲያገኝ ራሱን እንደሚያስተካክል በአጭሩ ጠቀሰ። የጡንቻ ክሮቹ ይረዝማሉ፤ ክፍሉ ይሰፋል፤ 120 የነበረው 230 ይሆናል። ይህ የወራትና የዓመታት ሥራ ነው። በሦስተኛው ሌሊት የተበጠሰበት ሰው ያ ጊዜ የለውም።

4ኛ ምላሽ። ክሩ መሀል ሰው ገባ። እናቱ ባነሱት ኤኮ ላይ ጥቂት የማይትራል ፍሳሽ አለ ተብሎ እንደተጻፈ ገልጾ፣ ሳንባቸው በድንገት እንዳይሞላ ጨው ያቁሙ ወይ ብሎ ጠየቀ። ከላይ ያለውን እንዳላነበበ ያስታውቃል። ጭንቀቱ ግን የእውነት ነው።

5ኛ ምላሽ። ነርሷ ተመልሳ ወንድሜ ብላ አረጋጋችው። ለዓይን የምትታይ ያህል ጥቂት ፍሳሽ በጤነኛ ሰው ኤኮም ላይ ስለምትገኝ ለብቻዋ በሽታ አይደለችም፤ ውጤቱን ያዘዘውን ሐኪም ይጠይቁ አለችው። ቀጥላ ግን ከርእስ ወጣች። በተለምዶ የልብ ክፍተት የሚባለው ስያሜ ሰው እያሳሳተ መሆኑን አነሣች። በክፍሎቹ መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ያለ ቀዳዳም፣ የሚያፈስ ቫልቭም፣ የጠበበ ቫልቭም በአንድ ስም ይጠራሉ። ሦስቱ ግን ሳንባ ላይ የሚያደርጉት ለየቅል ነው።

6ኛ ምላሽ። እዚህ ላይ የክሩ ድምፅ ተቀየረ። ፊዚዮሎጂ የሚያስተምር ሰው ነው፤ የልብ ሐኪሙን አንተ ብሎ ነው የጀመረው። 47 የሚለው ቁጥር የግፊቱ ማዕበል ሲወጣ የሚደርስበት ጫፍ ነው፤ የሳንባ ደም ስር ፈሳሹን የሚያሳልፈው በአማካዩ ግፊት እንጂ በጫፉ አይደለም አለ። ጫፉ 47 ሆኖ አማካዩ 30 ሊሆን ይችላል፤ መነጋገር ያለብን ስለ 30ው ነው።

ቀጥሎ የራሱን ስሌት ሰጠ። በደም ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ውኃውን ወደ ውስጥ የሚስቡበት ኃይል ወደ 25 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። በቀጫጭኖቹ ስሮች ውስጥ ያለው ግፊት በጤነኛ ሰው ከ10 አይርቅም፤ ስለዚህ ሳንባ ሰፊ መጠባበቂያ አላት። አማካዩ 25ን ሲያልፍ ሚዛኑ ይገለበጣል። ውኃው መጀመሪያ በስሮቹ ዙሪያ ባለው ሕብረ ሕዋስ ይጠራቀማል፤ ያ ሲሞላ ወደ አየር ከረጢቶቹ ይፈስሳል። ግፊቱ ከገደቡ በብዙ ካለፈ በደቂቃዎች፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፣ አረፋው ይመጣል።

ሆኖም ግፊቱ ቀስ ብሎ ከጨመረ ሳንባም ትለምዳለች ብሎ ወደ ዋና ክርክሩ ገባ። ውኃውን የሚመልሱት የሊምፍ ቧንቧዎች በሳምንታት ውስጥ ሰፍተው ከወትሮው እስከ አሥር እጥፍ ማጓጓዝ ይችላሉ፤ በስሩና በአየር ከረጢቱ መካከል ያለው ግድግዳም ይወፍራል። ማስረጃ ያደረገው ማይትራል ቫልቭ መጥበብን ነው። በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት ቫልቫቸው የጠበበ ሰዎች የላይኛው ክፍል አማካይ ግፊታቸው 30 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ለዓመታት ሲኖሩ ይታያል፤ ሳንባቸው ግን አልሞላም። ሁሉም ነገር በስልቻው መላላት ላይ የተንጠለጠለ ቢሆን እነዚህ ሰዎች ባልቆዩ ነበር ሲል ዘጋ።

7ኛ ምላሽ። የልብ ሐኪሙ አልተቆጣም። ስለ አማካዩ የተባለውን ተቀብሎ ስለ ሊምፉ ግን ግማሹን መለሰ። የቫልቭ መጥበብ ያለበት ሰው ሳንባ ከፍ ያለ ግፊት ተሸክማ ትኖራለች፤ እሷን ያዳናት ሊምፉ ነው። በደንብ የተቋቋመ ሥር የሰደደ ፍሳሽ ያለበት ሰው ግን ግፊቱ ራሱ ብዙ አልጨመረም። አማካዩ 15 ከሆነ ሊምፉ ምን ሊያወጣ ይጠራል ብሎ ጠየቀ። ለዚህኛው መጀመሪያ የደረሰለት ስልቻው ነው፤ ሊምፉ ቀኑ ሲከፋ የሚያገለግል ሁለተኛ መከላከያ ነው። መምህሩ መልስ አልሰጠም፤ የአውራ ጣት ምልክት ብቻ አስቀመጠ።

8ኛ ምላሽ። ኤኮ የምታነሳ ባለሙያ ናት፤ ሬዚደንቱ ኤኮው ዋሽቶ ይሆን ያለውን ያዘች። ኤኮው አልዋሸም፤ አንባቢው ቀለሙን አይቶ ነው የተሳሳተው አለች። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ባለቀለም ጅረት የሚያሳየው ፍጥነትን እንጂ የደም መጠንን አይደለም። ፍጥነቱ ደግሞ የሚወሰነው በሁለቱ ክፍሎች የግፊት ልዩነት ነው፤ ቀመሩም ΔP = 4v² ነው። ሥር የሰደደው ታማሚ ታችኛ ክፍሉ 125፣ ላይኛው 15 ቢሆን ልዩነቱ 110 ነው፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 5.2 ሜትር ይሆናል። ጅረቱ ሰፊው ክፍል ውስጥ ረጅም ርቀት ይምዘገዘጋል፤ ቀለሙም ክፍሉን ይሞላል። በጥያቄው ሰው ግን ታችኛው 85 ነው፤ ላይኛው በምቱ መጨረሻ ወደ 50 ወጥቷል። ልዩነቱ 35፣ ፍጥነቱ 3 ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል። ጅረቱ ደካማ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግድግዳ ተደግፎ ይሄዳል፤ ልቡ በደቂቃ 120 ጊዜ እየመታ ደግሞ ዓይን አይይዘውም።

ማጉረምረሙ የጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው ስትል አያያዘችው። ድምፁ የሚመጣው ከግፊት ልዩነት ነው። ሁለቱ ክፍሎች በምቱ አጋማሽ እኩል ወደ መሆን ሲቀርቡ ድምፁ ተጀምሮ ሳያልቅ ይከስማል። እንግዲህ የማጉረምረሙ ዝም ማለት የፍሳሹን ትንሽነት ሳይሆን ግፊቱ መድረስ ያለበት ቦታ መድረሱን ሊናገር ይችላል። እሷ የምትመክረው ቀለሙን ትቶ ሦስት ነገር መፈለግ ነው፦ በምቱ ወቅት ወደ ላይኛው ክፍል የሚገለበጥ የቫልቭ ቅጠል፣ በጅማቱ ጫፍ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ የጡንቻ ቁራጭ፣ እንዲሁም የጅረቱን ፍጥነት በሚስለው ተከታታይ ዶፕለር ላይ ክብ መሆን ሲገባው ቶሎ ጫፍ ደርሶ እንደ ሦስት ማዕዘን የሚወርድ ቅርጽ። በደረት በኩል ካልታየ በጉሮሮ የሚገባው ኤኮ መነሣት አለበት። ታማሚው ሰጥሞ እያለ መለስተኛ የሚል ቃል አይቶ መተው አይገባም፤ ልቡ በኃይል እየጨመቀ ሳንባ መሙላቱ ብቻውን ቫልቩን ሊያስጠረጥር ይበቃል።

9ኛ ምላሽ። የመጀመሪያው ጠቅላላ ሐኪም ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ አንቱታው ቀርቷል። ልቡ ካልሰፋ፣ ማጉረምረምም ከሌለ፣ ታዲያ የሳንባ ምች ለምን አይሆንም? በተለይ አንዳንዴ የቀኙ ሳንባ የላይኛው ክፍል ብቻ ነው የሚነጣው፤ ያ የምች መልክ ነው አለ። ጥያቄው መጥፎ አልነበረም። የተጻፈበት አኳኋን ግን የኤኮ ባለሙያዋን የሚያስቀይም ነበር።

10ኛ ምላሽ። እሷም በሹል ቃል መለሰች። ልቡ በራጅ ላይ አለመስፋቱ ለልብ ምስክር እንጂ ተቃዋሚ አይደለም፤ ለመስፋት ሳምንታት ያስፈልጋል፤ ያልሰፋ ልብና የሞላ ሳንባ አብረው መገኘታቸው ራሱ የድንገቱ ፊርማ ነው። የቀኙ የላይኛ ክፍል መንጣትም ይታወቃል፤ የሚመለሰው ጅረት ወደ ቀኙ የላይኛው የሳንባ ደም መላሽ አፍ ሲያነጣጥር ያ ክፍል ከሌላው ቀድሞ ይሞላል። አንቲባዮቲክ ተጀምሮ ሁለት ቀን የሚጠበቅ ከሆነ ታማሚው ሁለቱን ቀን አያገኛቸውም ብላ ጨረሰች። ነርሷ ከሥር በለዘብታ ትንሽ አከለች፦ ምች በአንድ ሰዓት ውስጥ ሮዝ አረፋ አያመጣም፤ ትኩሳቱንና የነጭ ደም ሴሉን ብዛት ግን ሃርት አታኩም ሊያመጣቸው ስለሚችል በእነሱ አትለዩ።

11ኛ ምላሽ። የልብ ቀዶ ሐኪም ነው፤ ቁጥብ ነው። ከታችኛው ግድግዳ አታክ በኋላ የሚበጠሰው አብዛኛውን ጊዜ የቫልቩን ጅማቶች ከሚይዙት ሁለት ፓፒላሪ ጡንቻዎች የኋለኛው ነው አለ። ፊተኛው ደሙን ከሁለት ደም ወሳጆች ስለሚያገኝ አንዱ ቢዘጋ ሌላው ይደርስለታል። ኋለኛው በአብዛኛው ሰው በአንድ ብቻ ስለሚኖር፣ ያች ከተዘጋች ይሞታል። ሙት ጡንቻ የሚላላበት ጊዜ ስላለው መበጠሱ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ብዙ ጊዜም ከሁለተኛው ቀን በኋላ ይመጣል። የሚገርመው አታኩ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ የቀረው ጡንቻ ጤነኛ ስለሆነ በደንብ ይጨምቃል፤ በደንብ በጨመቀ ቁጥር የሚመልሰው ይበዛል። ቫልቩን ማደስ ወይም መተካት ብቻ ነው የሚያድነው፤ ሌላው ሁሉ እስከ ቀዶ ጥገና ክፍል ማድረሻ ነው አለ።

12ኛ ምላሽ። ማድረሻውን የጻፈችው አኔስቴዢያ ላይ የምትሠራ ሐኪም ናት። እኔ እስከ ማስቀመጥ የደረስኩት ይህን ምላሽ ነው። ትልቁ ወጥመድ የልብ ምቱ ነው አለች። አታክ ያለበት ሰው ምቱ 120 ሲሆን እጅ ምት ወደሚያዘገየው ሜቶፕሮሎል ይሄዳል። የ3ኛውን ምላሽ ስሌት ይዛ አሳየች፦ ወደፊት የሚሄደው በምት 40 ከሆነ፣ በ120 ምት በደቂቃ 4.8 ሊትር ይሆናል፤ ይህ ከጤነኛው አይርቅም። ምቱን ወደ 75 ያወረደ ሰው 3 ሊትር ላይ ያሳርፈዋል። ልቡ የሚሮጠው ሰውየውን ለማቆየት ነው፤ ሩጫውን ማስቆም ግፊቱን መጣል ነው።

ፉሮሰማይዱን ሙሉ በሙሉ አልነቀፈችም፤ የሚጠበቅበትን ግን ዝቅ አደረገች። ሰውየው ከሰዓት በፊት ምንም ትርፍ ውኃ አልነበረበትም። ውኃው ከደም ስር ወደ ሳንባ ተሻገረ እንጂ አልጨመረም፤ ስለዚህ መሽናቱ ብቻውን ቦታውን አይመልሰውም። የሚረዳው አኦርታው በኩል ያለውን ተቃውሞ መቀነስ ነው፤ ያኔ ከ95ቱ የበለጠው ወደፊት ይዞራል። ግፊቱ የሚፈቅድለት ታማሚ ከሆነ ደም ስርን የሚያሰፋውን ናይትሮፕሩሳይድ ትመርጣለች፦ 50 ሚሊ ግራም በ250 ሚሊ ሊትር 5 በመቶ ዴክስትሮዝ ተበጥብጦ፣ ከብርሃን ተሸፍኖ፣ በኪሎ በደቂቃ 0.3 ማይክሮግራም ይጀመራል። ለ60 ኪሎ ሰው ይህ በሰዓት 5.4 ሚሊ ሊትር ነው። የጥያቄው ሰው ግን 85 ላይ ነው፤ ለብቻው ከተሰጠው ይወድቃል። ለእሱ የልብን ጭመቃ የሚያበረታው ዶቡታሚንና አኦርታ ውስጥ የሚገባው ፊኛ ይቀድማሉ፤ ፊኛው ልብ ሲጨመቅ ስለሚተነፍስ መንገዱን ያቀልለታል። የአኦርታ ቫልቭ በደንብ የሚያፈስ ከሆነ ግን ፊኛ አይገባም፤ ሲነፋ ደሙን ወደ ልብ ይመልሳል። ሩማቲክ ያለባቸው ብዙዎቹ ሁለቱም ቫልቮች ስለሚነኩባቸው ይህ ሳይታይ መታለፍ የለበትም። ግፊቱ ወረደ ተብሎ ስሮችን ብቻ የሚያጠብ መድኃኒት ከፍ አድርጎ መስጠት ደግሞ ሁለተኛውን በር ማስፋት ማለት ነው አለች። ኦክስጅኑን በግፊት በጭምብል ወይም በቱቦ መስጠት ከሁሉ ቀድሞ እንደሚጀመር የጻፈችው በመጨረሻ ነው፤ በቅደም ተከተል ግን አንደኛ ነው።

13ኛ ምላሽ። ማን እንደሆነ አልገለጸም፤ የክሩ ርእስ ላይ ቂም የያዘ ይመስላል። ድንገተኛው ብቻ ሳንባ ይሞላል ማለት ሐሰት ነው አለ። ሥር የሰደደው ሰው አንድ ቀን ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የምት መዛባት ገብቶበት ልቡ 150 ሲመታ፣ ወይም የሰፋው ታችኛ ክፍል ሲደክም፣ ወይም በነባሩ ፍሳሽ ላይ አንድ ጅማት ሲጨመርበት ይሰምጣል። በተለይ መድከሙ ሲጀምር ኢኤፉ 55 ሆኖ ደህና የሚመስል መሆኑን አስታወሰ፤ ሁለተኛው በር ተከፍቶ እያለ 55 የደከመ ልብ ቁጥር ነው። ንግግሩ ሻካራ ነበር፤ ሬዚደንቱ ግን ርእሱን አስተካክሎ ብቻ የሚለውን ፈጥኖ በሚል ቃል አለሰለሰው።

14ኛ ምላሽ። ሌላ ሬዚደንት ናት፤ ክሩ እስካሁን ያልዘጋውን ጥያቄ አመጣች። ሩማቲክ ያለባት ወጣት የጠበበ ማይትራል ቫልቯ በፊኛ ሲከፈት ቅጠሉ ቢቀደድ፣ ይህ ድንገተኛ ፍሳሽ ነው። የላይኛው ክፍሏ ግን ለዓመታት ሰፍቷል፤ ሊምፏም ለምዷል። እሷ እንደ 62 ዓመቱ ሰው ትሰምጣለች ወይስ እንደ ደረጃ ወጪው ትቆያለች?

15ኛ ምላሽ። የልብ ሐኪሙ ሰፊ ክፍል ስላላት የተሻለ ትቋቋማለች፤ አንዳንዶቹ ሰዓታት፣ አንዳንዶቹም ቀናት ታግሠው ለቀዶ ጥገና ይደርሳሉ አለ።

16ኛ ምላሽ። ፊዚዮሎጂ መምህሩ እንደገና ተነሣ፤ ቃሉ ከበፊቱ የከረረ ነው። የሰፋ ማለት የላላ ማለት አይደለም። ሩማቲክ ጠባሳ የጣለበት ላይኛ ክፍል ሰፊም ጠንካራም ሊሆን ይችላል፤ ስልቻው ትልቅ ነው፤ ግን ደርቋል። መነሻ ግፊቷም 10 ሳይሆን 25 ነው፤ ጫፍ ላይ ቆማለች። ታችኛ ክፍሏም ለዓመታት በጠበበ በር ሲሞላ የኖረ ስለሆነ ትንሽ ነው፤ 150 የሚያወጣ ጉልበት የለውም። እሷን የሚይዛት ሊምፉ ብቻ ነው ብሎ ያሸነፈ በሚመስል ድምፅ ተናገረ።

17ኛ ምላሽ። ነርሷ ሁለቱን ከመዳኘት ይልቅ ሌላ ነገር አነሣች። ቤተሰብ ሳንባው ውኃ ቋጠረ ሲባል ውኃው ለምን በመርፌ አይቀዳም ብሎ ይጠይቃል። የሚቀዳው በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል የተጠራቀመው ነው፤ በአየር ከረጢቶቹ ውስጥ የገባው ግን በእርጥብ ስፖንጅ እንዳለ ውኃ ስለሆነ የሚወጣው የላይኛው ክፍል ግፊት ሲወርድ ብቻ ነው። ለቤተሰብ በዚህ መልክ ብታስረዱ ጭቅጭቁ ይቀንሳል አለች።

18ኛ ምላሽ። የኤኮ ባለሙያዋ ሐኪሙንና መምህሩን ወደ 14ኛው ጥያቄ መለሰቻቸው። ሁለታችሁም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ መልሱ ፊኛው ሲነፋ በላይኛው ክፍል ውስጥ ያለችው ቀጭን ቱቦ፣ ካቴተር፣ ላይ ይነበባል አለች። ከመንፋቱ በፊትና በኋላ የተቀዳ የግፊት መስመር ያለው ሰው ስሙንና ካርድ ቁጥሩን ሸፍኖ ያስቀምጥ፤ አማካዩ ምን ያህል እንደዘለለና ማዕበሉ ምን ያህል እንደሾለ አብረን እንይ ብላ ጠየቀች። ይህን እስክጽፍ ድረስ ያስቀመጠ የለም።